የ120,000 ብር ብድር በሥዕል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥዕሉ በደብረ ብርሃን በሶና ቆሎ እያዘጋጀች የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ የምትወስደውን የአንድ ዓመት ብድር ያሳያል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸውና የእርስዎን ከራስዎ ውል ላይ ያንብቡ።

በሥዕሉ ላይ ግራጫውና ቀዩ ቀለም ምንድን ናቸው?

እያንዳንዱ ዘንግ የአንድ ወር ክፍያ ነው። የዘንጉ ግራጫ ክፍል ዋናው ብድር ነው፤ ማለትም ነጋዴዋ ከተበደረችው ገንዘብ ላይ በዚያ ወር የምትመልሰው። ከላዩ የተቀመጠው ቀይ ክፍል ደግሞ ወለድ ነው፤ ገንዘቡን ይዛ ለቆየችበት ጊዜ የምትከፍለው ዋጋ። ብድሩ 120,000 ብር፣ ጊዜው 12 ወር ስለሆነ ግራጫው በየወሩ 10,000 ብር ነው።

ዘንጎቹ ከየካቲት ጀምረው ጥር ላይ ያበቃሉ። ብድሩን በጥር የወሰደችው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲሱ ገብስ ከአውድማ ወጥቶ ወደ ገበያ የሚገባበትና ዋጋው ረገብ የሚልበት ጊዜ ነው። በገንዘቡ የዓመቱን ገብስ በጆንያ ገዝታ ታስቀምጣለች፤ በተረፈው አንድ የእህል መቁያ ማሽን ትገዛለች።

ወለዱ 18 በመቶ ነው ከተባልኩ የምከፍለው ስንት ብር ነው?

በመቶኛው ብቻ መልስ መስጠት አይቻልም፤ ሥዕሉ በሁለት የተከፈለውም ለዚህ ነው። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ብድር፣ አንድ ዓይነት ጊዜ፣ አንድ ዓይነት 18 በመቶ ነው። ሆኖም በግራ በኩል ያለው ቀይ ሲደመር 21,600 ብር፣ በቀኝ ያለው 11,700 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 9,900 ብር ነው፤ የአንድ ወር ዋና ክፍያ ሊሞላ 100 ብር ቀረው።

በግራ ያለው የብድር ባለሙያዎች “ፍላት” የሚሉት ቀጥታ ወለድ ነው። መጀመሪያ ላይ የ120,000 ብር 18 በመቶ ይወሰዳል፤ 21,600 ብር ይመጣል፤ ይህም ለ12 ወር እኩል ይከፈላል። ስለዚህ ቀዩ በየወሩ 1,800 ብር ነው፤ ጠቅላላ የወር ክፍያዋ 11,800 ብር። ችግሩ ነጋዴዋ 120,000 ብሩን ዓመቱን ሙሉ ይዛ አለመቆየቷ ነው። የካቲት ላይ 10,000 መልሳለች፤ መጋቢት ላይ ሌላ 10,000። ጥር ሲደርስ እጇ ላይ የቀረው የተቋሙ ገንዘብ 10,000 ብር ብቻ ነው፤ ወለዱ ግን አሁንም የ120,000 ብር ነው። በሬውን ለባለቤቱ ከመለሱ በኋላ የጥማዱን ኪራይ እንደ መክፈል ነው።

በቀኝ ያለው በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ ወለድ ነው። 18 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1.5 በመቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ዕዳው 120,000 ስለሆነ ወለዱ 1,800 ብር ነው። በሁለተኛው ወር ዕዳው 110,000 ነው፤ ወለዱ 1,650። በሦስተኛው 1,500። እንዲህ በየወሩ 150 ብር እየቀነሰ በመጨረሻው ወር 150 ብር ላይ ይደርሳል። ቀዩ በደረጃ የሚወርደው ለዚህ ነው። የ12ቱን ወር ቀሪ ዕዳ ደምረን ለ12 ብናካፍለው ነጋዴዋ በአማካይ የያዘችው 65,000 ብር ነው፤ የ65,000 ብር 18 በመቶ ደግሞ በትክክል 11,700 ብር ነው።

ታዲያ “ፍላት 18 በመቶ” በሌላኛው ስሌት ስንት በመቶ ይሆናል?

ወደ 32 በመቶ ይጠጋል። በሌላ አነጋገር አንድ ተቋም “18 በመቶ ፍላት” ቢልዎትና ሌላው “24 በመቶ በቀሪ ዕዳ ላይ” ቢልዎት ርካሹ 24ቱ ነው። በዚሁ በ120,000 ብር ላይ 24 በመቶው በቀሪ ዕዳ ሲታሰብ የዓመቱ ወለድ 15,600 ብር ይሆናል፤ የፍላቱ 21,600 ነው። ይህን በወረቀት ሠርተን ስናሳይ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ያስደምረናል፤ ተገቢም ነው።

ለአንድ ዓመት ያህል በየወሩ ለሚከፈል ብድር ቀላሉ ግምት የፍላቱን መቶኛ በሁለት ማባዛትና ትንሽ መቀነስ ነው። ዕዳው እየቀለለ ስለሚሄድ በአማካይ የሚይዙት የብድሩን ግማሽ ገደማ ነው፤ የሚከፍሉት ግን የሙሉውን ነው። ብድሩ በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ገንዘቡን ሙሉ ዓመት ስለያዙት ሁለቱም ስሌት አንድ ይሆናል። በበግ ማድለብ ሥራ ላይ ያሉ የመንዝ ሰዎች ሙክቱ ሲሸጥ አንድ ጊዜ ለመክፈል ከተዋዋሉ ፍላት መሆኑ አይጎዳቸውም።

ውሌ ላይ የትኛው እንደሆነ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ከመፈረምዎ በፊት የክፍያ ሰንጠረዥ ይጠይቁ። በየወሩ ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ ቀሪ ዕዳው ስንት እንደሆነ በሦስት ዓምድ የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ከተቋሙ ኮምፒውተር በደቂቃ ይወጣል። ከዚያ ዓይንዎን የሁለተኛው ወር ወለድ ላይ ያድርጉ። ከመጀመሪያው ወር ካነሰ ወለዱ የሚታሰበው በቀሪ ዕዳ ላይ ነው። እኩል ከሆነ ፍላት ነው። ከዚህ በላይ ሒሳብ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የወር ክፍያው እኩል ስለሆነ ብቻ ወለዱ ፍላት ነው ማለት አይደለም። በቀሪ ዕዳ የሚያሰሉ ተቋማትም ለተበዳሪው እንዲቀል ክፍያውን እኩል ያደርጉታል። የእኛ ነጋዴ እንዲህ ብትዋዋል በየወሩ 11,002 ብር ገደማ ትከፍላለች። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 1,800 ብሩ ወለድ ነው፤ በመጨረሻው ወር 163 ብር ያህል ብቻ። ጠቅላላ ወለዱ 12,020 ብር አካባቢ ይሆናል። ከ11,700ው በትንሹ የሚበልጠው ዋናው ዕዳ መጀመሪያ ላይ በዝግታ ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ የሚታየው የወለዱ ዓምድ እንጂ የጠቅላላ ክፍያው ዓምድ አይደለም።

120,000 ብር ተፈቅዶልኝ 105,600 ብር ብቻ እጄ ላይ የገባው ለምንድን ነው?

በሥዕሉ ታችኛው ጥግ ላይ አፉ የተፈታ ጆንያ አለ፤ ከአጠገቡ ሁለት ትናንሽ ቋጠሮዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው የአገልግሎት ክፍያ ነው። በምሳሌያችን ከብድሩ 2 በመቶ፣ ማለትም 2,400 ብር ነው፤ ይህ አይመለስም። ሁለተኛው የግዴታ ቁጠባ ነው። በምሳሌያችን 10 በመቶ፣ 12,000 ብር ሲሆን በተቋሙ በስምዎ ተቀምጦ ዕዳው ሲያልቅ የሚመለስ ገንዘብ ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ 105,600 ብር ይቀራል። አንዳንድ ተቋማት ደግሞ ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው ወደ ቤተሰብ እንዳይተላለፍ የሚያደርግ የብድር መድን ያስቆርጣሉ፤ እርሱ በሥዕላችን ውስጥ የለም።

ልብ የሚባለው ወለዱ የሚታሰበው በ105,600 ሳይሆን በ120,000 ብር ላይ መሆኑ ነው። የራስዎ 12,000 ብር በተቋሙ ተቀምጦ፣ እርሱኑ እንደ ተበደሩት ተቆጥሮ ወለድ ይከፍሉበታል። ቁጠባው 7 በመቶ ቢያስገኝልዎ በዓመት 840 ብር ያገኛሉ። እንግዲህ የነጋዴዋን ትክክለኛ ወጪ ለማወቅ ወለዱ ላይ የአገልግሎት ክፍያውን ደምሮ የቁጠባውን ወለድ መቀነስ ነው። በፍላት 23,160 ብር ይመጣል፤ በቀሪ ዕዳ 13,260 ብር።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ለገብሱና ለማሽኑ የሚያስፈልጋት በትክክል 120,000 ብር ከሆነ 120,000 ብር መጠየቅ የለባትም። እጅ ላይ የሚደርሰው የሚጠየቀው 88 በመቶ ስለሆነ 120,000ን ለ0.88 ማካፈል አለባት፤ 136,364 ብር ገደማ ይመጣል። ይህን ሳያሰሉ ጠይቀው ማሽኑ ተገዝቶ ለገብስ ገንዘብ ያጠራቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ባዶ መቁያ ማሽን ደግሞ ዕዳ አይከፍልም።

የእፎይታ ጊዜ ማለት ለሦስት ወር ምንም አልከፍልም ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ ዋናውን አይከፍሉም ማለት ነው እንጂ ወለዱ አይቆምም። ነጋዴዋ የሦስት ወር እፎይታ ቢሰጣት 120,000 ብሩ ሳይነካ ስለሚቆይ በየወሩ 1,800፣ በሦስት ወር 5,400 ብር ወለድ ይቆጠርባታል። ከዚያ በኋላ በ12 ወር ስትከፍል የምታወጣው 11,700 አለ። ሲደመር ወለዱ 17,100 ብር ይሆናል።

ውሉ ላይ መፈለግ ያለብዎት የእፎይታው ወለድ መቼ እንደሚከፈል ነው። በየወሩ ከተከፈለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። “ወደ ዋናው ብድር ይጨመራል” የሚል ከሆነ ግን ከእፎይታው በኋላ ዕዳው ከ125,000 ብር በላይ ሆኖ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ወለዱ ራሱ ወለድ ይወልዳል። እፎይታ መጥፎ ነገር አይደለም። ማሽኑ ተተክሎ መብራት እስኪገባለት ሁለት ወር ለሚፈጅበት ሰው መዳኛ ነው። ነገር ግን ቆሎ በዐቢይ ጾም በደንብ ይሸጣል፤ ጥር ላይ ተበድራ የካቲት ላይ ገበያዋ ለሚሞቅላት ለእኛ ነጋዴ እፎይታው ያለ ጥቅም የሚከፈል 5,400 ብር ነው።

የክፍያ ቀን ባሳልፍ ቅጣቱ ስንት ነው?

“3 በመቶ ቅጣት” የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ሁለት ጥያቄ ይቀረዋል፤ 3 በመቶው በዓመት ነው በወር? የሚታሰበውስ ባለፈው ክፍያ ላይ ነው ወይስ በጠቅላላ ቀሪ ዕዳ ላይ? ነጋዴዋ የሚያዝያን ክፍያ በአንድ ወር አዘገየች እንበል። የዚያ ወር ክፍያ 10,000 ዋናና 1,500 ወለድ፣ በድምሩ 11,500 ብር ነው፤ ቀሪ ዕዳዋ ደግሞ 100,000 ብር ነው።

ቅጣቱ በዓመት 3 በመቶ ሆኖ ባለፈው ክፍያ ላይ ከታሰበ 29 ብር ገደማ ነው፤ ለታክሲ የሚወጣ ገንዘብ። በወር 3 በመቶ ከሆነ 345 ብር ይሆናል። በወር 3 በመቶ ሆኖ በጠቅላላው ዕዳ ላይ ከታሰበ 3,000 ብር ነው፤ ያውም ከመደበኛው ወለድ በላይ ተጨምሮ። ሦስቱም “3 በመቶ ቅጣት” ይባላሉ።

ቅጣት ከመጣ በኋላ የሚከፍሉት ገንዘብ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቆረጥም ይጠይቁ። የተለመደው ቅጣት ይቀድማል፣ ወለድ ይከተላል፣ የተረፈው ለዋናው ይሆናል። በዚህ ምክንያት ቅጣት ያለበት ሰው የተለመደውን 11,500 ብር ይዞ ሲሄድ ክፍያው አይሞላም። የጎደለችው ትንሽ ገንዘብ በሚቀጥለው ወር እንደገና “ያለፈ ክፍያ” ሆና ትቆጠራለች፤ ሌላ ቅጣት ታስከትላለች። ሰው “በየወሩ እየከፈልኩ ዕዳዬ አልቀነሰም” ሲል አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ከመክፈልዎ በፊት የዛሬውን ቀሪ ሒሳብ በጽሑፍ አሳትሞ እርሱን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው።

የጳጉሜን ወለድ ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ይህን ጥያቄ ስንሰማ መጀመሪያ ላይ ፈገግ እንል ነበር፤ ኋላ ግን ከሁሉ የተሻለ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ወለዱ በወር ሳይሆን በቀን የሚታሰብ ከሆነ ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 5 ያለው ጊዜ 30 ቀን ሳይሆን 35 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 36። የነጋዴዋ ቀሪ ዕዳ ከነሐሴ ክፍያ በኋላ 50,000 ብር ነው። በ18 በመቶ የቀኑ ወለድ 24 ብር ከ66 ሳንቲም ይሆናል። የአምስቱ ቀን ተጨማሪ ወለድ 123 ብር ገደማ ነው።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ጣጣው ቀኑ ላይ ነው። አንዳንድ ተቋማት በኮምፒውተራቸው ላይ የክፍያ ቀኑን የሚይዙት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ተበዳሪው “በየወሩ በ5” ብሎ በልቡ የያዘው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ ድረስ ልዩነቱ በአንድና ሁለት ቀን ስለሚወዛወዝ አይታወቅም። ጳጉሜን ስታልፍ ግን ቀኑ በአንድ ጊዜ አራት ቀን ይንሸራተታል፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አምስት። መስከረም 5 ሊከፍል የመጣ ሰው አልፎበታል ይባላል። በሰንጠረዡ ላይ ያሉትን 12 ቀናት በሙሉ በአገራችን አቆጣጠር ጻፉልኝ ብሎ መጠየቅ ይህን ያስቀራል።

ገበያ ቀንቶኝ ዕዳውን ቀድሜ ብዘጋ ወለዱ ይቀንስልኛል?

በቀሪ ዕዳ ከተዋዋሉ አዎ። ነጋዴዋ የሐምሌን ክፍያ ከከፈለች በኋላ የቀራት ዋና ዕዳ 60,000 ብር ነው። እስከዚያ ድረስ 8,550 ብር ወለድ ከፍላለች። በዚያው ቀን 60,000 ብሩን ብትዘጋ የሚቀጥሉት ስድስት ወራት ወለድ፣ ማለትም 3,150 ብር ይቀርላታል። አንዳንድ ውል ላይ ቀድሞ ለመዝጋት የሚከፈል ክፍያ ስለሚኖር ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። በ60,000 ላይ 2 በመቶ ከሆነ 1,200 ብር ነው፤ አሁንም ያዋጣታል። 6 በመቶ ከሆነ ግን 3,600 ስለሚሆን ገንዘቡን ገብስ ብትገዛበት ይሻላታል።

በፍላት ከሆነ በውሉ ቃል ይወሰናል። “ወለዱ በሙሉ ይከፈላል” የሚል ከሆነ ሐምሌ ላይም ብትዘጋ ስድስት ጊዜ 11,800፣ ማለትም 70,800 ብር ትከፍላለች። ለመቸኮሏ የምታገኘው ነገር የለም፤ ቁጠባዋ ቶሎ ተለቆላት ዋሶቿ ነጻ ከመውጣታቸው በቀር።

ዋስ ብሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው ተበዳሪው አይደለም?

እንደ ዋስትናው ዓይነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ ዋስንና የአንድነት ዋስን ይለያል። ተራ ዋስ የሆነ ሰው “መጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት ያዙ” ብሎ መከራከር ይችላል። የአንድነት ዋስ ግን ይህ መብት የለውም፤ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይከስ በቀጥታ ወደ እርሱ መምጣት ይችላል። የብድር ተቋማት ውል ላይ “በአንድነትና በነጠላ” የሚሉት ቃላት ካሉ የሚፈርሙት ይህንን ሁለተኛውን ነው። ብዙዎች ዋስትናን ለሰውዬው ጠባይ እንደ መመስከር ይቆጥሩታል፤ በቀበሌ ደንብ እንዲያ ሊሆን ይችላል፤ በውል ግን ዕዳው የእርስዎም ዕዳ ነው።

የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1922 ለዋሱ አንድ ጠንካራ መከላከያ ሰጥቶታል። ዋሱ ግዴታ የሚገባበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሲፈርሙ የሚፈልጉት አንድ ቁጥር ነው። በእኛ ምሳሌ “እስከ 120,000 ብር” ሊል ይችላል፤ “እስከ 150,000 ብር” ሊልም ይችላል፤ ሁለቱ መካከል የ30,000 ብር ልዩነት አለ። ለገንዘቡ መጠን የተተወው ቦታ ባዶ ሆኖ “እኛ እንሞላዋለን” ከተባሉ እስክሪብቶውን ያስቀምጡ።

የቡድን ዋስትና ከዚህ ብዙም አይርቅም። አምስት ሰዎች ተያይዘው ሲበደሩ አንዱ ቢጠፋ አራቱ የእርሱን ይከፍላሉ፤ አንዱ እስኪከፍል ድረስ የሌሎቹ ቁጠባ ሊያዝ፣ ቀጣዩ ብድራቸውም ሊዘገይ ይችላል። የእድር ሰዎች ይህን ለማስረዳት ምንም አያስቸግሩም። የሚከብደው ለወጣቶች ማኅበራት ነው፤ ቡድኑን የሚያቋቁሙት ብድሩን ለማግኘት ብቻ ስለሆነ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ቤት የለኝም፤ በጎችና ማሽን ማስያዝ እችላለሁ?

ሕጉ ይፈቅዳል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ ከብት፣ በመጋዘን ያለ እህል እና የመሳሰሉት ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል። መብቱ በማዕከል ይመዘገባል። አንዴ የተመዘገበ መቁያ ማሽን ከእርስዎ ጋር ቆይቶ ሥራ ይሠራል፤ ዕዳው ሳያልቅ ለመሸጥ ወይም ለሌላ አበዳሪ ለማስያዝ ካሰቡ ግን መጀመሪያ አበዳሪውን ያነጋግሩ። ሕጉ ይፈቅዳል ማለት በአካባቢዎ ያለው ቅርንጫፍ ሁሉ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ በግ ይሞታል፣ ይሰረቃልም፤ አበዳሪው መድን ሊጠይቅ ይችላል።

ቤት ያስያዘ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላ አዋጅ አለ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የሚላክበት አድራሻ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ። ቤት ቀይረው፣ ስልክ ቀይረው፣ አድራሻውን ሳያሳውቁ የቀሩ ሰዎች 30ው ቀን መቆጠር የጀመረው ሳይሰሙ ነው።

ባለቤቴ ለምን ይፈርማል? ብድሩ ለእኔ ንግድ አይደለም?

ባለትዳር ከሆኑ ንግዱ በእርስዎ ስም ቢሆንም የሚገኘው ገቢና የሚመጣው ዕዳ የጋራ ሀብቱን ይነካል። ለዚህም የቤተሰብ ሕጉ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ብድርና ዋስትና የሁለቱንም ስምምነት ይፈልጋል። ያለ ፊርማው የተሰጠ ብድር ለተቋሙም ስለማይመች አስቀድሞ ይጠይቃል። ያላገቡ ከሆኑ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ከቀበሌ ይዘው ይሂዱ፤ ሰው በዚህ አንድ ወረቀት ምክንያት ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት ድረስ ደጋግሞ ይመላለሳል።

የሃይማኖቴ ሕግ ወለድ አይፈቅድልኝም፤ ሥዕሉ ለእኔ ይሠራል?

ቀዩ ቀለም ወለድ ሳይሆን ትርፍ ተብሎ ይነበባል። ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች በብዛት የሚጠቀሙት ሙራባሓ ነው። ባንኩ ገንዘብ አይሰጥዎትም፤ ማሽኑን ራሱ ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥልዎታል። ትርፉ በሽያጩ ቀን የተቆረጠ ስለሆነ በኋላ አይጨምርም። ከሌላው ጋር ለማነጻጸር መቶኛውን ትተው ማሽኑ በገበያ ስንት እንደሚሸጥና ለባንኩ በድምሩ ስንት እንደሚከፍሉ ብቻ ያስተያዩ።

“ተቋሙ የወለዱን መጠን ሊቀይር ይችላል” የሚል ዓረፍተ ነገር ውሌ ላይ አለ፤ ምን ያመጣብኛል?

በሥዕሉ ላይ ያልገባ፣ ግን ብዙ ውል ላይ ከታች በትንንሽ ፊደል የሚገኝ ነገር ነው። ሐሳቡ ተቋሙ ራሱ ገንዘብ የሚያገኝበት ዋጋ ሲጨምር ከእርስዎም እንዲጨምር ነው። ነጋዴዋ በቀሪ ዕዳ ተዋውላ ሳለ ከሐምሌ ክፍያዋ በኋላ ወለዱ ከ18 ወደ 21 በመቶ ከፍ ቢል ቀሪ ዕዳዋ 60,000 ብር ስለሆነ በሚቀጥለው ወር የሚጨመርባት 150 ብር ነው፤ እስከ ጥር በጠቅላላ 525 ብር። ለውጡ በብድሩ የመጀመሪያ ወር ላይ ቢመጣ ኖሮ ጭማሪው 1,950 ብር ይሆን ነበር።

ለአንድ ዓመት ብድር ይህ አስፈሪ አይደለም፤ ለአምስት ዓመት ብድር ግን በመጀመሪያው ዓመት የሚመጣ ጭማሪ ከባድ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ለውጡ ከስንት ቀን በፊት በጽሑፍ እንደሚነገርዎት፣ ሲነገርዎትም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ዕዳውን ዘግተው መውጣት መቻልዎን ነው። የብድር መኮንኑ “ይቻላል” ብሎ በቃል ከመለሰልዎ ያንኑ ቃል በውሉ ላይ በእጁ ጽፎ አጠገቡ እንዲፈርም ይጠይቁት።